አራት ነጥቦች በአንድ ክብ ላይ መዋላቸውን ስለ ማረጋገጥ

ባለፈው ዓመት በጥናት ቡድናችን ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር አረጋገጥን። ያረጋገጥነውም በጥንቃቄ ነበር፤ እያንዳንዱ ማዕዘን በትክክል ተሰልቷል፣ እያንዳንዱ መስመር ምክንያቱ ከጎኑ ተጽፎለታል። መጨረሻ ላይ «የሁለቱ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ስለ ሆነ አራቱ ነጥቦች በአንድ ክብ ላይ ናቸው» ብለን ደመደምን። ወረቀቱ ሲመለስልን መምህራችን ከስሌቱ አንዱን እንኳ አልሰረዙም ነበር። ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ብቻ በቀይ እርሳስ «በየትኛው በኩል?» ብለው ጽፈውበታል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያች ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው። ጉዳዩ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን እንደ ጸሎት በቃላችን የያዝናቸው ሁለት ቴዎረሞች ናቸውና አንባቢ አዲስ ነገር ላያገኝበት ይችላል። ነገር ግን በቃል በመያዝና በትክክል በመጠቀም መካከል ምን ያህል ርቀት እንዳለ ያየነው በራሳችን ላይ ስለ ሆነ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት እንሞክራለን። አንባቢው ማስመሪያ፣ ኮምፓስና አንድ ወረቀት ይዞ ቢከተለን ነገሩ ይቀለዋል፤ ሥዕሉን እርሱ ራሱ ይሥለው ዘንድ ልኮቹን እንነግረዋለን።

ስለ ፊደሎቹ አንድ ቃል። ነጥቦቹን የሰየምነው በራሳችን ፊደል ነው፤ ዳሩ ግን ለ፣ በ፣ ከ እና የ ከሚቀጥለው ቃል ጋር እየተጣበቁ ሌላ ትርጉም ስለሚሰጡ ተውናቸው። ሐ እና ኀ ደግሞ ሲነበቡ ከሀ ስለማይለዩ አልተጠቀምንባቸውም። ሥዕል ሠርቶ ለሌላ ሰው በቃል የሚያስረዳ ሁሉ ይህን ችግር ሳያውቀው አይቀርም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አንድ መስመር መረ ይኑረን፤ ሀ ደግሞ ከመስመሩ ውጭ ያለ ነጥብ ይሁን። አንድ ሰው በነጥብ ሀ ላይ ቆሞ በመጀመሪያ መን፣ ቀጥሎ ረን ቢመለከት ፊቱን የሚያዞርበት መጠን ማዕዘን መሀረ ነው። ስለዚህ ለአነጋገር እንዲቀለን «ሀ መስመር መረን በዚህ ማዕዘን ያየዋል» እንላለን። በሀ፣ በመ እና በረ በኩል አንድ ክብ ብቻ ያልፋል። ያ ሰው ከሀ ተነሥቶ በዚያው ክብ ላይ ቢሄድ፣ መስመር መረን ተሻግሮ እስካልሄደ ድረስ የሚያይበት ማዕዘን አይለወጥም። ተሻግሮ በመስመሩ ማዶ ባለው ቅስት ላይ ከቆመ ደግሞ የሚያየው በቀሪው፣ ይኸውም 180 ዲግሪ ሊሞላ በጎደለው ማዕዘን ነው። በሀ 60 ካየ፣ በማዶ 120 ያያል ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ በዩክሊድ ሦስተኛ መጽሐፍ 21ኛና 22ኛ ላይ የሚገኙ ናቸው።

ልብ ሊባል የሚገባው ዩክሊድ በእነዚህ ቦታዎች ከክብ ተነሥቶ ወደ ማዕዘን መሄዱ ነው። እኛ ግን በችግር መፍቻ ጊዜ የምንፈልገው ግልባጩን ነው፤ ማዕዘኖቹን እናውቃለን፣ ክቡ ግን ገና አልተሣለም። ግልባጩን ዩክሊድ በዚያ መጽሐፉ አላስቀመጠውም፤ በኋላ የመጡ አዘጋጆች ናቸው የጨመሩት። ግልባጭ ደግሞ ራሱን የቻለ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ አንድ ነገር እውነት መሆኑ ግልባጩን እውነት አያደርገውም።

ግልባጩ እንዲህ ይላል። ሀ እና ደ ከመስመር መረ ውጭ ያሉ ሁለት ነጥቦች ይሁኑ። በመስመሩ አንድ ወገን ሆነው በእኩል ማዕዘን ካዩት፣ ወይም በተለያየ ወገን ሆነው የሚያዩበት ማዕዘን ድምር 180 ዲግሪ ከሆነ፣ አራቱ ነጥቦች ሀ፣ መ፣ ረ እና ደ በአንድ ክብ ላይ ናቸው። የመጀመሪያው በጋራ ጎን ላይ የቆሙ እኩል ማዕዘኖች መመዘኛ ነው፤ ሁለተኛው የተቃራኒ ማዕዘኖች መመዘኛ ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ የሚገኘው ባለ አራት ጎን ቅርጽ ሀመደረ ሲሆን መስመር መረ ሰያፉ ነው።

ለዚህ በብዙ መጻሕፍት የሚሰጠው ማረጋገጫ በሀ፣ በመ እና በረ በኩል ክብ ከሣለ በኋላ መስመር መደን አስረዝሞ ክቡን እንደገና የሚቆርጥበትን ነጥብ ይወስዳል። ነገር ግን ደ ከክቡ ውጭ ከሆነ ከመ ወደ ደ የሚሄደው መስመር ክቡን በመ ላይ ብቻ ነክቶ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው መቁረጫ ነጥብ የለም፣ ማረጋገጫውም ይቋረጣል። እኛ ይህን ያወቅነው በጥናት ጊዜ አንዱ ጓደኛችን ሆን ብሎ ደን በጣም ወደ ጎን አርቆ በሣለ ጊዜ ነው። ስለዚህ መነሻውን ከመ ላይ አንሥተን ወደ መስመር መረ እኩሌታ ብናዛውረው ይሻላል።

የመስመር መረ እኩሌታ ነጥብ ወ ይሁን። ወ በክቡ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ጫፎቹ በክቡ ላይ ያሉ መስመር ከጫፎቹ በቀር በሙሉ በክቡ ውስጥ ይውላል። ከክብ ውስጥ ተነሥቶ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ መስመር ደግሞ ክቡን ቆርጦ መውጣቱ ግድ ነው፤ የሚቆርጠውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ከወ ተነሥተን በደ በኩል እንሂድና ክቡን የምንቆርጥበትን ነጥብ ገ እንበለው። ገ ከደ ጋር በመስመር መረ አንድ ወገን ነው። በክቡም ላይ ስለ ሆነ የሚያይበት ማዕዘን የታወቀ ነው፤ ከሀ ጋር በአንድ ወገን ከሆነ ከማዕዘን መሀረ ጋር እኩል ነው፣ በማዶ ከሆነ 180 ሊሞላ የጎደለው ነው። የተሰጠንም ስለ ደ ያው ነው። ስለዚህ በሁለቱም መመዘኛዎች ማዕዘን መደረ ከማዕዘን መገረ ጋር እኩል ይሆናል።

አሁን ደ እና ገ አንድ ነጥብ አይደሉም እንበል። ደ በወ እና በገ መካከል ቢሆን፣ ማዕዘን መደወ የሦስት ማዕዘን መደገ የውጭ ማዕዘን ነውና ከማዕዘን መገወ ይበልጣል። በሌላውም በኩል ማዕዘን ረደወ ከማዕዘን ረገወ ይበልጣል። ሁለቱን ብንደምር ማዕዘን መደረ ከማዕዘን መገረ የበለጠ ይሆናል፤ ይህ ግን እኩል ናቸው ካልነው ጋር ይቃረናል። ደ ከገ አልፎ ቢገኝ የሁለቱ ቦታ ይለዋወጥና ማዕዘን መደረ ያንሳል፤ ይህም ይቃረናል። ስለዚህ ደ ራሱ ገ ነው፣ በክቡም ላይ ነው። ሰያፉን ለሁለት የከፈለው ነጥብ ሁለቱን መመዘኛዎች በአንድ ማረጋገጫ ጨረሰልን።

አንባቢው በዚህ ማረጋገጫ ውስጥ የትኛው ቃል ሸክሙን እንደ ተሸከመ ይመልከት። «በአንድ ወገን» ወይም «በማዶ» የሚለው ነው። ገ የትኛውን ማዕዘን እንደሚያይ የምናውቀው በየትኛው ወገን እንዳለ ስናውቅ ብቻ ነው። ወገኑን ትተን «እኩል ማዕዘኖች ካሉ ክብ አለ» ብንል ወዲያው ሐሰት ይሆናል። ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ባለ አራት ጎን ሀመደረ እንውሰድ፤ በሀ እና በደ ያሉት ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው 60 ዲግሪ ይሁኑ። ሁለቱም መስመር መረን በእኩል ማዕዘን ያዩታል። ነገር ግን በተለያየ ወገን ስለ ሆኑ የሚያስፈልገው ድምራቸው 180 መሆኑ ነው፤ ድምሩ ግን 120 ብቻ ነው። ደ በክቡ ላይ ለመዋል በ120 ማየት ነበረበት፤ በ60 ስለሚያይ ከክቡ ውጭ ርቆ ቆሟል። እንዲህ ያለው ቅርጽ በአንድ ክብ ላይ የሚውለው ማዕዘኖቹ ሁሉ 90 ሲሆኑ ብቻ ነው።

የጉዳዩ ተንኮል ያለው በዚህ በ90 ላይ ነው። 90 ከ180 ሲቀነስ 90 ነው። ስለዚህ ሁለት ነጥቦች አንድን መስመር በ90 ዲግሪ ካዩት በአንድ ወገንም ሆኑ በማዶ በአንድ ክብ ላይ ናቸው፤ መስመሩም የክቡ ዲያሜትር ነው። ወገኑን ያልጠየቀ ተማሪ በ90 ዲግሪ ችግሮች ላይ ሁልጊዜ ትክክለኛ መልስ ያገኛል። በትምህርት ቤት ደግሞ የምንለማመድባቸው አብዛኞቹ የሦስት ማዕዘን ቁመቶች ያሉባቸው፣ ማለትም የ90 ዲግሪ ችግሮች ናቸው። ስሕተቱ ለዓመታት ሳይቀጣን አብሮን ይኖራል፤ ማዕዘኑ ከ90 ሌላ በሆነ ዕለት ግን ይጥለናል። የእኛም ነገር እንዲሁ ነበር።

ይህንኑ በአንድ ሥራ እናሳይ። ማስመሪያውን አንሥቶ 14 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር መረ አግድም ይሠመር፤ መ በግራ፣ ረ በቀኝ ይሁን። ከመ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ሄደን ቀጥ ብለን 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ብንወጣ ነጥብ ሀን እናገኛለን። ጎኖቹ ሀመ 13፣ መረ 14፣ ሀረ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ማዕዘኖቹም በመ 67.4፣ በረ 53.1፣ በሀ 59.5 ዲግሪ ያህል ናቸው። ከመ ወደ ጎን ሀረ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ቁመት ጎኑን በተ ይንካው፤ ከረ ወደ ጎን ሀመ የሚወርደው በነ ይንካው። ሁለቱ ቁመቶች የሚገናኙበት ነጥብ ጠ ይባል። ልናረጋግጥ የምንፈልገው ሦስተኛውም ቁመት በጠ ማለፉን ነው።

በዚህ ላይ ብዙዎች ገና ከመጀመሪያው የሚሰናከሉበት ነገር አለ። ከሀ ቁመቱን በጠ በኩል አድርገው ይሥሉና በመረ ላይ ያገኙትን ማዕዘን «90 ነው» ይላሉ። ይህ ግን ሊረጋገጥ የተፈለገውን ነገር አስቀድሞ መስጠት ነው። ትክክለኛው መንገድ ሀን ከጠ ጋር በመስመር አገናኝቶ ማስረዘም ነው፤ መስመሩ ጎን መረን በቀ ይቆርጠዋል። ስለ ማዕዘኑ በቀ ገና ምንም አናውቅም።

በመጀመሪያ ባለ አራት ጎኑን ሀነጠተ እንመልከት። ማዕዘን ሀነጠ 90 ነው፣ ማዕዘን ሀተጠም 90 ነው። ሁለቱ ነ እና ተ በመስመር ሀጠ ግራና ቀኝ፣ ማለት በተለያየ ወገን ናቸው። ስለዚህ የምንጠራው የተቃራኒ ማዕዘኖችን መመዘኛ ነው፤ ድምሩ 180 ነውና አራቱ በአንድ ክብ ላይ ናቸው። ቀጥሎ ነ እና ተ መስመር መረን እንዴት እንደሚያዩት እንይ። ማዕዘን መነረ 90፣ ማዕዘን መተረ 90፤ ሁለቱም ከመረ በላይ፣ በአንድ ወገን ናቸው። እዚህ የምንጠራው የእኩል ማዕዘኖችን መመዘኛ ነው፤ መ፣ ነ፣ ተ እና ረ በሁለተኛ ክብ ላይ ናቸው።

አሁን ክቦቹ ስላሉን ከክብ ወደ ማዕዘን መመለስ እንችላለን፤ ግልባጩ ሥራውን ጨርሷል፣ ከዚህ በኋላ ያለው የዩክሊድ ነው። በመጀመሪያው ክብ ሀ እና ተ መስመር ነጠን ከአንድ ወገን ያዩታልና ማዕዘን ነሀጠ ከማዕዘን ነተጠ ጋር እኩል ነው። ጠ በመስመር መተ ላይ ስለ ሆነ ማዕዘን ነተጠ ያው ማዕዘን ነተመ ነው። በሁለተኛው ክብ ደግሞ ተ እና ረ መስመር ነመን ከአንድ ወገን ያዩታልና ማዕዘን ነተመ ከማዕዘን ነረመ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ማዕዘን መሀቀ ከማዕዘን ነረመ ጋር እኩል ሆነ። ሦስት ማዕዘን መነረ በነ 90 ዲግሪ አለውና ማዕዘን ነረመ በመ ያለው ማዕዘን ከ90 ሲቀነስ የሚቀረው ነው፤ በሥዕላችን 22.6 ያህል። እንግዲህ በሦስት ማዕዘን ሀመቀ ውስጥ በሀ ያለው 22.6፣ በመ ያለው 67.4 ከሆነ ለቀ የሚቀረው 90 ነው። ሦስተኛው ቁመት በጠ አለፈ።

ይህ ሁሉ ማዕዘኖቹ እያንዳንዳቸው ከ90 ላነሱበት ሦስት ማዕዘን ነው። ማዕዘን መ ከ90 ቢበልጥስ? ለማየት መስመር መረን 4 ሴንቲ ሜትር እናድርገው፤ ሀን ግን ከመ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ፣ 12 ወደ ላይ እናስቀምጠው። ጎኖቹ 13፣ 4 እና 15 ይሆናሉ። ከረ የሚወርደው ቁመት ጎን ሀመን አያገኘውም፤ መስመሩን ከመ አልፈን ወደ ታች ስናስረዝመው ነው ነ የሚገኘው። ተ ከመረ በላይ እንደ ነበረ ይቀራል፤ ጠ ግን ከሦስት ማዕዘኑ ውጭ ወደ ታች ይወርዳል።

አሁን የቀድሞውን ማረጋገጫ ቃል በቃል እናንብበው። «ነ እና ተ በመስመር ሀጠ በተለያየ ወገን ናቸው» ይላል፤ ሥዕሉን ስናየው ግን ሁለቱም በቀኙ ናቸው። «ሁለቱም ከመረ በላይ ናቸው» ይላል፤ ሥዕሉ ግን ተን ከላይ፣ ነን ከታች ያሳየናል። ሁለቱ መመዘኛዎች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ተቃራኒ ማዕዘኖችን የጠራንበት እኩል ማዕዘኖችን፣ እኩል ማዕዘኖችን የጠራንበት ተቃራኒ ማዕዘኖችን ይጠይቃል። መደምደሚያው ሳይነካ የሚተርፈው ማዕዘኖቹ 90 ስለ ሆኑ ብቻ ነው። የተቀረው ማረጋገጫ ይቀጥላል፤ ማዕዘን መሀቀ ከማዕዘን ነረመ ጋር እኩል ነው፣ ቀ ደግሞ በረዘመው መስመር መረ ላይ ከመ በግራ ይገኛል። ማዕዘን ነመረ እና ማዕዘን ሀመቀ በሁለት መስመሮች መቆራረጥ ፊት ለፊት የተፈጠሩ ስለ ሆኑ እኩል ናቸው፤ እንደ ፊተኛውም 67.4 ናቸው። በቀ ያለው ማዕዘን እንደገና 90 ይሆናል።

አንድ ሥዕል ሠርቶ «ሌላውም እንደዚሁ ነው» ብሎ ማለፍ በብዙ መጻሕፍት የተለመደ ነው። እኛ አንቃወመውም፤ ነገር ግን «እንደዚሁ» የሚለው ቃል እዚህ ሁለት መመዘኛዎችን በጸጥታ እንደ ለዋወጠ ማወቅ ይገባል። ይህን መለዋወጥ ፈጽሞ ማስቀረት የሚፈልጉ ማዕዘንን በሌላ መንገድ ይቆጥሩታል። አንዱን ሙሉ መስመር ወደ ሁለተኛው ለማድረስ ከሰዓት መርፌ በተቃራኒ ምን ያህል መዞር እንደሚገባው ይለኩና 180 በሞላ ቁጥር ይጥሉታል። በዚህ አቆጣጠር ሁለቱ መመዘኛዎች አንድ ይሆናሉ፤ ወገኑ በመዞሪያው አቅጣጫ ውስጥ ገብቶአልና። ዋጋው ግን ማዕዘንን ለሁለት መክፈል አደገኛ መሆኑ ነው፤ 180ን የሚጥል ቆጣሪ እኩሌታው ላይ ሲደርስ በ90 ሊስት ይችላል።

አሁን ወደ ቀዩ እርሳስ እንመለስ። የተሰጠን ጥያቄ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ስለ ጠ እና በሦስቱ ጫፎች በኩል ስለሚያልፈው ክብ የሚጠይቅ ነበር። እኛ እንዲህ ጻፍን። ሀ፣ ነ፣ ጠ እና ተ በአንድ ክብ ላይ ስለ ሆኑ ማዕዘን ነጠተ ከ180 ላይ ማዕዘን ሀ ሲነሣ የሚቀረው ነው። ማዕዘን መጠረ ደግሞ ከእርሱ ፊት ለፊት የተፈጠረ ነውና እኩል ነው። ስለዚህ ማዕዘን መሀረ እና ማዕዘን መጠረ ሲደመሩ 180 ዲግሪ ይሆናሉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እውነት ነው፤ በሥዕላችን 59.5 እና 120.5 ናቸው። ቀጥሎ ግን «ስለዚህ ሀ፣ መ፣ ጠ እና ረ በአንድ ክብ ላይ ናቸው» አልን።

በየትኛው በኩል? ሀ እና ጠ ሁለቱም ከመስመር መረ በላይ ናቸው። በአንድ ወገን ላሉ ነጥቦች የሚያስፈልገው እኩልነት ነው፤ 59.5 እና 120.5 እኩል አይደሉም። ኮምፓስ ቢነሣ ኖሮ ነገሩ ወዲያው ይታይ ነበር። በሀ፣ በመ እና በረ በኩል የሚያልፈው ክብ እምብርቱ ከመ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ፣ 4.125 ወደ ላይ ነው፤ ከእምብርቱ እስከ ክቡ 8.125 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠ ግን ከመረ በላይ 3.75 ሴንቲ ሜትር ላይ ስላለ ከእምብርቱ የሚርቀው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከክቡ ዳር ሳይሆን ከመሐሉ አጠገብ ያለ ነጥብ ነው «በክቡ ላይ ነው» ያልነው። ሌላም ምልክት ነበረ፤ ሀመጠረ በጠ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ ቅርጽ ነው፣ በውስጡ በኩል ያለው ማዕዘንም 120.5 ሳይሆን 239.5 ነው። ወደ ውስጥ የታጠፈ ባለ አራት ጎን በክብ ላይ አይውልም።

ስሌታችን ግን ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም፤ የተሳሳተው ወገኑ ብቻ ነው። ወረቀቱን በመስመር መረ ላይ ብናጥፈው ጠ ከመረ በታች በዚያው ርቀት ላይ ያርፋል፤ የሚያርፍበትን ነጥብ ፈ እንበለው። ማጠፍ ማዕዘንን አይለውጥምና ፈ መስመር መረን የሚያየው በዚያው በ120.5 ነው። አሁን ግን ሀ ከላይ፣ ፈ ከታች ናቸው፤ ድምሩ 180 መሆኑ የሚፈለገው እዚህ ነው። ስለዚህ ሀ፣ መ፣ ፈ እና ረ በእርግጥ በአንድ ክብ ላይ ናቸው። የተጠየቅነውም ይህንኑ እንድናሳይ ነበር።

ይህን በሌላ መንገድ መመርመር ለሚወድ አንባቢ ዩክሊድ በዚያው መጽሐፍ 35ኛ ላይ ያስቀመጠው አለ። ሁለት መስመሮች በአንድ ክብ ውስጥ ሲቆራረጡ የአንዱ ሁለት ክፍሎች ሲባዙ ከሌላው ሁለት ክፍሎች ብዜት ጋር እኩል ናቸው። መስመር ሀፈ እና መስመር መረ የሚቆራረጡት በቀ ነው። ሀቀ 12፣ ቀፈ 3.75 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ብዜታቸው 45። መቀ 5፣ ቀረ 9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም 45።